ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ የመጣ ለውጥ፦ ዋጋውና ቀኑ እንዴት ይጽና?

ጥያቄ፦ ለአንድ ድርጅት 400 የሥራ ቱታ በውል ይዤ እየሰፋሁ ነው። ርክክቡ ሰኔ 5 ነው። ዛሬ ግንቦት 14 የድርጅቱ ሰው ደውሎ «ሪፍሌክተር ይጨመርበት፣ የደረት ኪሶቹም ክዳን ይኑራቸው» አለኝ። ጨርቁ በሙሉ ተቆርጧል፤ ተሰፍቶ ያለቀም አለ። እምቢ ብዬ ደንበኛ ማጣት አልፈልግም፤ እሺ ብዬም መክሰር አልፈልግም። የዋጋና የቀን ጭማሪውን በምን መልኩ ነው የማረጋግጠው?

ምላሽ፦

መጀመሪያ ወደ ማሽኖቹ ይሂዱና ይቁጠሩ። ካልኩሌተሩ ይቆይ። ለውጡ ስንት ብር እንደሚያስወጣና ስንት ቀን እንደሚበላ የሚወስነው ጥያቄው ሲመጣ እያንዳንዱ ቱታ የት ደርሶ እንደነበር ነው። ነገ ቢቆጥሩ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፤ ሰፊዎቹ አይቆሙምና። ከሳምንት በኋላ ደንበኛው «ያኔ እኮ ብዙውን ገና አልጀመራችሁትም ነበር» ቢልዎት ምን ይመልሳሉ?

ቁጥሩን ስላልጻፉልኝ እኔ ልገምት። 120ው ተቆርጦ በእሽግ ተቀምጧል፤ መርፌ አልነካውም። 130ው ስፌት ላይ ነው። 150ው አልቋል፤ ከፊሉ ተተኩሶ ታሽጓል። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ቀንና ሰዓት ይጻፉበት፤ ሱፐርቫይዘሯም ትፈርምበት። ፎቶ ያንሱና ከቁጥሩ ጋር ለደንበኛው በቴሌግራም ዛሬውኑ ይላኩለት። «በስልክ የነገሩኝን ተቀብያለሁ፤ ሥራው አሁን ያለበት ሁኔታ ይህ ነው፤ የዋጋና የቀን ለውጡን ነገ በደብዳቤ አሳውቃለሁ» ይበቃል። «እሺ እንጨምራለን» የሚል ቃል ግን እዚያ ውስጥ እንዳይገባ። በኋላ ያ አንድ መስመር ብቻ ተነጥሎ ይወጣና በነባሩ ዋጋ የተስማሙ ያስመስልዎታል።

ሦስት ቦታ የከፈልኩት አለምክንያት አይደለም። ሪፍሌክተር የሚሰፋው እጅጌውና እግሩ ገና ሳይገጠም፣ ጨርቁ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ነው። ያኔ ጥብጣቡ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጫፎቹም የጎን ስፌቱ ሲዘጋ ውስጥ ይቀበራሉ። እጅጌው ከተገጠመ ግን ቱቦ ሆኗል። ወይ የጎን ስፌቱን ተርትሮ፣ ጥብጣቡን ሰፍቶ፣ እንደገና መዝጋት ነው፤ ወይ በክንድ ማሽን ዙሪያውን ማዞር። ካኪ ጨርቅ ደግሞ ሲተረተር የድሮው መርፌ ቀዳዳ ይታይበታል። ሁለት ጊዜ የተተረተረ እግር ሲጎተት ሊቀደድ ይችላል። የኪሱ ክዳንም እንዲሁ ነው። ኪሱ ካልተሰፋ ቀላል ነው፤ ከተሰፋና ከታጠፈ ግን ክዳኑ በትክክል ልክ እንዲቀመጥ ብዙ ጊዜ የኪሱ አፍ መነሳት አለበት።

ስለዚህ ደቂቃው ይለያያል። አንድ ጥሩ ሰፊ ቁጭ አድርገው፣ ሰዓት ይዘው፣ ከሦስቱም ቦታ አንዳንድ ያሠሯት። ግምት አይበቃም። ለምሳሌ ካልተነካው ላይ 15 ደቂቃ፣ ማሽን ላይ ካለው 22 ደቂቃ፣ ካለቀው ላይ ከመተርተሩና ከመተኮሱ ጋር 45 ደቂቃ ወጣ እንበል። በብዛቱ ሲባዛ 11,410 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 190 ሰዓት ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 6,750ውን ደቂቃ የሚበላው ያለቀው 150 ብቻ ነው። ከብዛቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ከጊዜው ግን ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ድርድሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ቱታው ከቫት በፊት 1,800 ብር ነው እንበል፤ 400ው 720,000 ብር። ሪፍሌክተሩ ለሁለት እጅጌ፣ ለሁለት እግርና ለወገብ ሦስት ሜትር ያህል ይፈልጋል። ለብክነት 5 በመቶ ሲጨመር 1,260 ሜትር ነው። ጥቅሉ 100 ሜትር ከሆነ 12 ከግማሽ ጥቅል አይሸጥልዎትም፤ 13 ይገዛሉ። ሜትሩ 30 ብር ቢሆን 39,000 ብር። ለክዳኑ ጨርቅ 4,550፣ ለቬልክሮና ለክር 4,000 ይያዝ። የሥራው ደቂቃ ከደሞዝ፣ ከኪራይ፣ ከመብራትና ከሱፐርቫይዘር ጋር ተደምሮ 2 ብር ከ50 የሚያወጣ ከሆነ 28,525 ብር ነው። አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ሲተረተር የሚበላሸው። ካለቀው 150 ውስጥ አምስቱ እንደሚበላሹ ይያዙ፤ በወጪያቸው 6,500 ብር። ድምሩ 82,575 ነው። የእርስዎ ትርፍ 15 በመቶ ሲገባበት ወደ 95,000 ብር ይጠጋል። ከቫት በፊት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ቫቱ 15 በመቶ ስለሆነ በ95,000 ላይ 14,250 ይጨምራል፤ «ጭማሪው 95 ሺህ ነው ብላችሁ ነበር» የሚል ክርክር ከዚህች መስመር ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ክዳኑ ጨርቅ አንድ ነገር ልጨምር። ካለዎት ጥቅል ትርፍ ከተረፈ ከእሱ ይቁረጡ። ከገበያ ሌላ ጥቅል ካመጡ ሰማያዊው ሰማያዊ ይሁን እንጂ አንድ ቀለም አይሆንም፤ በአንድ ጊዜ ካልተነከረ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ሲታይ ልዩነቱ ይጮኻል። ክዳኑ ደግሞ ደረት ላይ ነው፤ መደበቂያ የለውም። ትርፉ ካልበቃ ልዩነቱን በደብዳቤው ላይ አስቀድመው ይናገሩ።

ለደንበኛው አንድ ዋጋ ብቻ አይላኩ። ሁለት ይላኩ። ሁለተኛው ያለቀውን 150 እንዳለ ትቶ 250ውን ብቻ መለወጥ ነው። ሪፍሌክተሩ ወደ 8 ጥቅል ይወርዳል፤ መተርተር አይኖርም ማለት ይቻላል፤ የሚበላሽም የለም። በዚሁ አሠራር ሳሰላው 47,000 ብር አካባቢ ይመጣል፤ ግማሽ ማለት ነው። ብዙ ድርጅት ውስጥ ሌሊት መንገድ ላይ የሚሠራውም፣ ቀን መጋዘን ውስጥ የሚሠራውም አንድ ዓይነት ቱታ ነው የሚታዘዝለት። ሪፍሌክተሩን የፈለገው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ ለተወሰኑት ብቻ ሆኖ ያገኙታል። ደንበኛ የማያጡበት መንገድ ይሄ ነው ባይ ነኝ። «አይቻልም» አላሉትም፤ በነፃም አልሰጡትም።

ስትጠይቁ ደግሞ ይህንንም ጠይቁ፦ ሪፍሌክተሩ የመጣው ከደህንነት ተቆጣጣሪ ትእዛዝ ነው ወይስ ለመልክ? ከቁጥጥር ከሆነ መስፈርት ይኖረዋል። አይኤስኦ 20471 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለምሳሌ ጥብጣቡ ከ5 ሳንቲ ሜትር እንዳይጠብ ይላል። ባለ 3 ሳንቲ ሜትሩን ገዝተው 400 ላይ ከሰፉ በኋላ ይህን ከመስማት ያድንዎ።

ቀኑ ከዋጋው ይከብዳል። 190 ሰዓት ለአሥር ሰፊ ሲካፈል ሁለት ቀን ከግማሽ ገደማ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «ሦስት ቀን ጨምሩልኝ» ብሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው። ሪፍሌክተር ማንኛዋም ሰፊ አትሰፋውም። መርፌ አንዴ ከበሳው ቀዳዳው አይጠፋም፤ ጠማማ ሄዶ ቢታረም ሁለቱም መስመር ይታያል። ከአሥሩ ውስጥ አራቱን ብቻ ነው የሚያምኑት እንበል። 190 ሰዓት ለአራት ሲካፈል 48 ሰዓት ገደማ፤ ስድስት የሥራ ቀን ነው። በዚህ ላይ ጥብጣቡን ማግኘትና ናሙና ማስፈረም ሦስት ቀን ይፈጃል። ዘጠኝ የሥራ ቀን ሆነ። ቅዳሜን ሙሉ ቀን የሚሠሩ ከሆነና ሰኔ 5 ማክሰኞ ከዋለ፣ ርክክቡ ዓርብ ሰኔ 15 ላይ ያርፋል። በሁለተኛው አማራጭ ግን 150ው በነበረው ቀን ይሄዳል፤ 250ው ማክሰኞ ሰኔ 12 ይደርሳል።

እነዚያን ሦስት የመጠባበቂያ ቀናት ዝም ብለው አያሳልፏቸው። ለውጡ የማይነካውን ይሥሩ፤ ኮሌታ፣ ዚፕ፣ የኋላ ኪስ። እጅጌና እግር መዝጋት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በዚህ የሚያተርፉትን ጊዜ ለደንበኛው ከሰጡት ቀን ላይ አይቀንሱ። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይታመማል፤ ለእሱ ይሁን።

«ሰኔ 15» ብቻ ብሎ መጻፍም አይበቃም። ያ ቀን የቆመው ደንበኛው በጊዜው ፈርሞ ሲመልስ ነው። እሱ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አምስት ቀን ቢያሳድረውስ? ስለዚህ ቀኑ ከፊርማው ጋር ይታሰር። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፤ እርስዎም እንደሚመችዎ ያስተካክሉት፦

«ጉዳዩ፦ በ400 የሥራ ቱታ ውል ላይ የተጠየቀ የመግለጫ ለውጥ።

ግንቦት 14 ቀን በስልክ በጠየቃችሁን መሠረት (ሀ) 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ብርማ ሪፍሌክተር በሁለቱ እጅጌዎች፣ በሁለቱ እግሮችና በወገብ ላይ፣ (ለ) በሁለቱ የደረት ኪሶች ላይ በቬልክሮ የሚዘጋ ክዳን እንዲጨመር ጠይቃችኋል። ጥያቄው በደረሰን ሰዓት 150 ቱታ አልቆ፣ 130 በስፌት ላይ፣ 120 ተቆርጦ ነበር።

አማራጭ 1፦ 400ውም ይለወጣል። ተጨማሪ ዋጋ 95,000 ብር ከቫት በፊት። ርክክብ ሰኔ 15።
አማራጭ 2፦ 250 ይለወጣል፣ 150 በነባሩ መግለጫ ይቀራል። ተጨማሪ ዋጋ 47,000 ብር ከቫት በፊት። 150ው ሰኔ 5፣ 250ው ሰኔ 12።

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ቀናት የሚጸኑት ይህ ደብዳቤ ተፈርሞና ማህተም ተደርጎበት፣ የሪፍሌክተሩም ግዥ ክፍያ ተፈጽሞ እስከ ግንቦት 16 ከቀኑ 10 ሰዓት ሲደርሰን ነው። ናሙናው በቀረበላችሁ ማግስት ካልተፈረመ በዘገየው ቀን ልክ ርክክቡም ይዘገያል። እስከዚያ ሰዓት ፊርማችሁ ካልደረሰን ሥራውን በመጀመሪያው ውል መግለጫ፣ ዋጋና ቀን እንቀጥላለን። ሌሎቹ የውሉ አንቀጾች እንደነበሩ ይቆያሉ።»

ፊርማ ካልደረሰን በነባሩ ውል እንቀጥላለን የምትለዋን መስመር አጥብቀው ይያዟት። አንዳንዱ እዚህ ላይ «መልስ ካልሰጣችሁን እንደተስማማችሁ እንቆጥራለን» ብሎ ይጽፋል። ይሄ አይሠራም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682 ላይ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ደንበኛው ዝም ካለ የሚጸናው ነባሩ ውል ነው፤ እርስዎም በእሱ ይቀጥላሉ። በዝምታ ላይ ተመሥርተው 39,000 ብር ሪፍሌክተር ከገዙ የገዙት ለራስዎ ነው።

ሌላም አለ። ደንበኛው «በጭማሪው ተስማምተናል፤ ርክክቡ ግን በሰኔ 5 ይሁን» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ፊርማና ማህተም ስላለው ብቻ ደስ ብሎዎት መቁረጥ እንዳይጀምሩ። ይህ ስምምነት አይደለም፤ እሱ ያቀረበው አዲስ ሐሳብ ነው። ዝም ብለው ሥራ ከጀመሩ የእሱን ቀን የተቀበሉ ያስመስልዎታል። በዚያው ዕለት በጽሑፍ ይመልሱለት፤ ትርፍ ሰዓት አሠርቶ ማሳጠር የሚቻል ከሆነ ደግሞ የትርፍ ሰዓቱን ዋጋ ይንገሩት።

ማን እንደሚፈርም አይርሱ። የደወለልዎት ሰው ማን ነው? የደህንነት ኃላፊው ከሆነ ቱታውን የሚለብሰውን ያውቃል፤ ገንዘብ ማዘዝ ግን አይችልም ይሆናል። ደብዳቤው መጀመሪያውን ውል ለፈረመው ክፍል ይሂድ፤ ግልባጭ ለፋይናንስና ለንብረት ክፍል። ውሉ በጽሑፍ ከሆነ ለውጡም በዚያው መልክ ይሁን። ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ከሰዎቹ ደግነት ጋር አይገናኝም፤ ጭማሪው የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ያ እስኪወጣ እጅዎን ይሰብስቡ።

የንብረት ክፍሉን ያነሳሁት ስለተቃጠልኩበት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ሸሚዝ ስሠራ አርማው ከግራ ደረት ወደ ቀኝ እንዲዛወር በስልክ ተነገረኝ። ጥልፉ አንድ ነው፣ ዋጋ አይለውጥም ብዬ ሠራሁ። 90 ሸሚዝ ይዤ ስሄድ የንብረት ሠራተኛዋ ውሉን አወጣች፤ «ግራ ደረት» ይላል። የደወለልኝ ሰው ዕረፍት ላይ ነው። ሴትየዋ አልተሳሳተችም፤ እሷ የዕቃ መረከቢያ ሰነዱን፣ ሞዴል 19ን፣ የምትቆርጠው በውሉ መሠረት ለመጣ ዕቃ ነው። ሸሚዙ አሥራ አንድ ቀን መጋዘኔ ተቀመጠ። በውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት ነበር፤ እሱንም ቆረጡብኝ። ዋጋ የማይለውጥ ለውጥም ወረቀት እንደሚፈልግ ያኔ ገባኝ። «የዋጋ ለውጥ፦ የለም። የቀን ለውጥ፦ የለም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይዘለልም።

የእርስዎን ውል ስለ መዘግየት ቅጣት ምን እንደሚል ዛሬውኑ ይመልከቱት። በቀን ከሺህ አንድ ቢሆን እንኳ በ720,000 ላይ በቀን 720 ብር ነው። ፋይናንስ የሚያየው ውሉ ላይ ያለውን ሰኔ 5 ብቻ ነው። ለውጡን የጠየቀው ራሱ ድርጅቱ መሆኑን ማንም አያስታውስልዎትም። ስለዚህ አዲሱ ቀን ሰኔ 5ን እንደሚተካና እስከዚያ ቅጣት እንደማይታሰብ አንድ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ላይ ይጨምሩበት።

ክፍያውን በተመለከተ የሪፍሌክተሩን ዋጋ በሙሉ አስቀድመው ይቀበሉ። ለነባሩ ውል ከወሰዱት ቅድመ ክፍያ ጋር አይቀላቅሉት። ጨርቅ ቢተርፍ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ 13 ጥቅል ብርማ ጥብጣብ ግን መደርደሪያ ላይ ያረጃል።

ፊርማው ከመጣ በኋላም ቶሎ አይቸኩሉ። ናሙና ይሥሩ፤ ሦስት። አንድ ካልተነካው፣ አንድ ማሽን ላይ ካለው፣ አንድ ካለቀውና ከተተረተረው። ብዙ ሰው ከአዲሱ ቆንጆውን ሠርቶ ያሳይና ያስፈርማል። ከዚያ ርክክብ ላይ የተተረተረው ሲወጣ ደንበኛው «ናሙናው እንዲህ አልነበረም» ይላል፤ እውነቱን ነው። የባሰውን ያሳዩት። የድሮው መርፌ ቀዳዳ የት እንደሚታይ በጣትዎ ያመልክቱለት። ይህንን ካየ በኋላ አማራጭ 2ን የሚመርጥም አለ፤ በ150 ቱታ ላይ በኋላ ከሚጣላዎት አሁን ሐሳቡን ቢለውጥ ይሻላል። ሪፍሌክተሩ ላይ ካውያው ሙቀት ቀንሶ፣ ጨርቅ ተደርጎበት ይተኮስ፤ ከጋለ ያበላሸዋል። ናሙናውን ከማስፈረምዎ በፊት አንዴ አጥበውት ይዩት። ርካሹ ጥብጣብ ብዙ ጊዜ እዚያው ባልዲ ውስጥ ነው የሚጋለጠው።

የጸደቀው ናሙና ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይስፉና ሁለታችሁም ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበት። ከተቻለ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለንብረት ክፍሉ። ከሰፊዎቹ ፊት የተሰቀለውን የድሮውን ናሙና ደግሞ የዚያኑ ዕለት ያውርዱት። በሁለተኛው አማራጭ ከተስማማችሁ የ150ውን እሽግ ከሌላው ለይተው በሌላ ክፍል ያስቀምጡ፤ ካርቶኑ ላይም «ነባር» ብለው በወፍራም ማርከር ይጻፉበት።